«ነበር»፣ «ጥቂት ቀርቷል»፣ «በነፃ እናደርሳለን»፦ የበዓል ሰሞን ማስታወቂያ እንዴት ይመረመራል?

ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆች የቀረበ የሒሳብና የዕለት ኑሮ ትምህርት

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ በሱቅ በር ላይም ሆነ በስልክ የሚያዩትን የቅናሽ ማስታወቂያ በቁጥርና በቀን መርምረው እውነት መሆን አለመሆኑን መለየት ይችላሉ። ሱቅ ያላቸው ወላጆች ደግሞ ደንበኛ የማይጠራጠረው ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ ይመለከታሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና በግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ።

መግቢያ

ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ያሉት ስድስት ሳምንታት ከቤት ብዙ ገንዘብ የሚወጣባቸው ናቸው። በመጀመሪያ ከአሜሪካ የመጣው «ብላክ ፍራይዴይ» የሚባለው የገበያ ቀን አለ፤ ይህም ከኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ቀጥሎ ያለው ዓርብ ነው። ከዚያ ዲሴምበር 25 የፈረንጆች ገና ይመጣል። ቀጥሎም የኬንያ ትምህርት ቤቶች መከፈቻና ጃንዋሪ 7 የሚውለው የእኛ ገና ይከተላሉ። ጫማ፣ ደብተር፣ መብራት፣ ፍራሽና ስልክ የሚገዛው በዚህ ሰሞን ነው። እንዲሁም በዚሁ ሰሞን በየሱቁ በርና በየስልኩ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይበዛሉ፦

«ነበር 3,000፣ አሁን 1,950!»
«ጥቂት ቀርቷል፣ ፍጠኑ!»
«በነፃ እናደርሳለን!»

እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በሰዋስው ትምህርታችሁ እንደምታደርጉት ለያይታችሁ ተመልከቷቸው። የመጀመሪያው ስላለፈ ጊዜ ይናገራል። ሁለተኛው በመጋዘን ውስጥ ስላለ ዕቃ ይናገራል። ሦስተኛው ስለ መንገድና ስለ ማጓጓዣ ሒሳብ ይናገራል። ሦስቱም ወሬዎች ናቸው፤ ወሬ ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሱቁ ልቡ ምን እንደሆነ መገመት አያስፈልገንም። የተናገረውን ነገር ወስደን «መቼ? ስንት? እስከ የት?» ብለን መጠየቅ ይበቃናል።

1. «ነበር» የሚለው ቃል

«ነበር 3,000፣ አሁን 1,950» የሚል ጽሑፍ ስናይ ዓይናችን በመጀመሪያ የሚያርፈው 3,000 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ 1,950ን የምንመዝነው በዚያ ቁጥር ነው፤ 1,050 ሽልንግ ያተረፍን ይመስለናል። ሆኖም 3,000 የሚለው ቁጥር እዚያ የተቀመጠው በሻጩ እጅ ነው። ሻጩ 4,000 ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ደግሞ 2,050 ሽልንግ ያተረፍን ይመስለን ነበር፤ ከኪሳችን የሚወጣው ግን ያው 1,950 ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው። የተሰረዘውን ቁጥር በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። ከዚያ «ይህን መብራት ማንም ቅናሽ ሳይለኝ በ1,950 እገዛው ነበር ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ «አልገዛውም» ከሆነ እየገዛችሁ ያላችሁት መብራቱን ሳይሆን የተሰረዘውን ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ደብተር ይፈልጋል። በቤታችሁ ለበዓል ወይም ለትምህርት መክፈቻ ሊገዛ የታሰበ ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ምረጡ። ከሰሞኑ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ሱቅ ብቅ በሉና ቀኑን፣ የሱቁን ስምና ዋጋውን ጻፉ። በካርቶኑ ላይ ያለውን የዕቃውን መለያ ቁጥርም አትርሱ። ሁለት መብራቶች በመልክ አንድ ሆነው ባትሪያቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ እነሱን ማወዳደር ደግሞ በግንና በፍየል መካከል ዋጋ እንደ ማወዳደር ነው።

ምሳሌ እንሥራ። አንዲት ተማሪ በአንድ ሱቅ ያለውን አንድ የሶላር መብራት እየተከታተለች ይህን ጻፈች እንበል፦

ኦክቶበር 4 — 1,800 ሽልንግ
ኦክቶበር 18 — 1,800 ሽልንግ
ኖቬምበር 1 — 1,800 ሽልንግ
ኖቬምበር 15 — 2,400 ሽልንግ
ኖቬምበር 28 (ብላክ ፍራይዴይ) — «ነበር 3,000፣ አሁን 1,950፣ 35 በመቶ ቅናሽ!»

ማስታወቂያው በራሱ ሒሳብ ስሕተት የለበትም። ከ3,000 ላይ 1,950 ሲቀነስ 1,050 ይሆናል፤ 1,050 ለ3,000 ሲካፈል ደግሞ 0.35 ማለትም 35 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ማካፈሉ ትክክል ስለሆነ ነገሩ ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። የሚመረመረው ግን ማካፈሉ ሳይሆን የተካፈለበት ቁጥር ነው።

3,000 በደብተሩ ውስጥ የለም። ከደብተሩ ውስጥ የትኛውን ዋጋ ነው «ነበር» ብለን መውሰድ ያለብን? በዚህ ጉዳይ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች አንድ ጥሩ መለኪያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣና ከሜይ 28 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለ ደንብ መሠረት አንድ ነጋዴ «ዋጋ ቀነስኩ» ሲል ከቅናሹ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ ዕቃውን የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ ማሳየት አለበት። ከፍተኛውን ወይም ትናንት የነበረውን ሳይሆን ዝቅተኛውን ነው።

ይህ ደንብ እንደ ወጣ በጀርመን አገር ክርክር ተነሣ። አንድ ትልቅ የምግብ ሱቅ ሙዝ ከ1.69 ዩሮ ወደ 1.29 ወረደ ብሎ 23 በመቶ ቅናሽ አስነገረ። ከታች ግን በትንንሽ ፊደል ያለፉት 30 ቀናት ዝቅተኛ ዋጋ ያው 1.29 እንደሆነ ጽፎ ነበር። ሱቁ «ዝቅተኛውን ዋጋ ጽፌያለሁ፤ ደንቡን ፈጽሜያለሁ» አለ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 በሰጠው ውሳኔ ዝቅተኛውን ዋጋ በትንሽ ፊደል መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ ገለጸ፤ የቅናሹ መቶኛ ራሱ ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ተነሥቶ መሰላት አለበት አለ። በዚህ ስሌት የሙዙ ቅናሽ ዜሮ ነው።

ይህ ደንብ የአውሮፓ ነው፤ ካኩማ ያለን ሱቅ አያስገድድም። እንደ መለኪያ ሜትር ግን ልንዋሰው እንችላለን። ከኖቬምበር 28 በፊት ያሉት 30 ቀናት ከኦክቶበር 29 እስከ ኖቬምበር 27 ናቸው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ በደብተሩ ላይ የተጻፉት ሁለት ዋጋዎች ናቸው፤ ኖቬምበር 1 ቀን 1,800፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2,400። ዝቅተኛው 1,800 ነው። አሁን የተባለው ዋጋ 1,950 ነው። ስለዚህ መብራቱ በ150 ሽልንግ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። 150 ለ1,800 ሲካፈል ከ8 በመቶ በላይ ነው። «35 በመቶ ቅናሽ» የተባለው ነገር ሲመረመር ከ8 በመቶ በላይ ጭማሪ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ደብተሩ የማይነግረንም ነገር አለ። ተማሪዋ ከኖቬምበር 15 እስከ 28 ባሉት ቀናት ወደ ሱቁ አልሄደችም። ምናልባት በእነዚያ ቀናት መብራቱ በ3,000 ተሰቅሎ ነበር። ይህ ቢሆን እንኳ ዝቅተኛው ዋጋ 1,800 መሆኑ አይለወጥም። ነገር ግን ተማሪዋ «3,000 ፈጽሞ አልነበረም» ብላ መናገር አትችልም፤ መናገር የምትችለው «እኔ ባየሁባቸው ቀናት አልነበረም» ብቻ ነው። የምንመረምረው የሌላውን ሰው እውነተኛነት ስለሆነ የራሳችን አነጋገርም በልኩ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ዋጋ መጨመሩ ብቻውን ማታለል አይደለም። ዕቃ ወደ ካኩማ የሚመጣው ከናይሮቢ ተነሥቶ በኪታሌና በሎድዋር በኩል ነው። ዝናብ ሲዘንብና ደረቅ የነበሩት ወንዞች ሲሞሉ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ይቀራል፤ ባለሱቁም ዕቃውን በውድ ያስገባል። እንዲህ ሲሆን 1,800 የነበረው 1,950 ቢሆን ማንም ባለሱቁን አይወቅሰውም። ስሕተቱ ያለው በጭማሪው ላይ «ቅናሽ» የሚል ቃል መለጠፉ ላይ ነው።

ስለዚህ ከመፍረድ በፊት በአክብሮት መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ቀንና ቦታ ያለው ይሁን።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ይህ መብራት በ3,000 ሲሸጥ የነበረው መቼ ነው?
ባለሱቅ፦ ቀደም ብሎ ነዋ፣ ልጄ።
ተማሪ፦ እዚሁ ሱቅ ነው? ባለፈው ወር በ1,800 አይቼው ነበር።
ባለሱቅ፦ አይ፣ እዚህ አይደለም። ናይሮቢ ያለው አስመጪ በዝርዝሩ ላይ የጻፈው ዋጋ ነው።

ልብ በሉ፤ ባለሱቁ አልዋሸም ይሆናል፤ ወሬው ግን ተለወጠ። ማስታወቂያው «እኛ በ3,000 ስንሸጥ ነበር» ይላል፤ መልሱ ደግሞ «ሌላ ሰው 3,000 መሸጥ አለበት ብሎ ጽፏል» ይላል። የመጀመሪያው ስለዚህ ሱቅ ያለፈ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ማንም ከፍሎት የማያውቅ ዋጋ ሊሆን ይችላል። በሁለት ጥያቄ ብቻ ልዩነቱ ወጣ።

2. «ጥቂት ቀርቷል»

ይህ ዓረፍተ ነገር የሚሠራው ጊዜ በመንፈግ ነው። «ከነገ ወዲያ አይገኝም» የተባለ ሰው ቤቱ ሄዶ ከባለቤቱ ጋር አይመካከርም፤ ሌላ ሱቅም አይጠይቅም። ደብተሩንም አይከፍትም። ስለዚህ ወሬው ሐሰት ሲሆን የሚሰርቀው በመጀመሪያ ገንዘብን ሳይሆን ማሰቢያ ጊዜን ነው።

ሁሉም «ጥቂት ቀርቷል» ሐሰት አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ ዕቃው ተመልሶ የሚመጣ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ። ከአንድ የሰልባጅ ቦንዳ የወጣ የልጅ ካፖርት አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከተሸጠ ሌላ ተመሳሳዩ ላይመጣ ይችላል። እዚህ ላይ «አንድ ብቻ ነው» ማለት እውነት ነው። በፋብሪካ የተሠራ መብራት፣ ደብተርና የፕላስቲክ ጫማ ግን መንገድ ሲከፈት በሚቀጥለው መኪና ይመጣል። ለእንዲህ ያለ ዕቃ «አለቀ» ማለት «እስከሚቀጥለው ጭነት አለቀ» ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «የሚቀጥለው ጭነት መቼ ይመጣል?» የሚል ነው። «ከሁለት ሳምንት በኋላ» ከተባለና እናንተ ዕቃውን የምትፈልጉት ለጃንዋሪ ከሆነ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ሁለተኛው ምርመራ ተመልሶ ማየት ነው። ሰኞ «3 ብቻ ቀርቷል» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ዓርብ ተመልሳችሁ እዩት። ያው 3 ከሆነ ከሁለት አንዱ ነው፤ አንድም በአራት ቀን ውስጥ የገዛ ሰው የለም፣ አለዚያም ቁጥሩ የመደርደሪያውን እንጂ የመጋዘኑን ዕቃ አይናገርም። በሁለቱም ቢሆን መቸኮል አያስፈልግም ነበር።

በስልክ ሲሆን ደግሞ «ይህ ዋጋ የሚያበቃው በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ውስጥ ነው» የሚል ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ይታያል። ገጹን ዝጉና ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። ሰዓቱ ለእሱ እንደ አዲስ ከላይ ጀምሮ የሚቆጥር ከሆነ ሰዓቱ የሚቆጥረው የሽያጩን ጊዜ ሳይሆን እናንተ ገጹን የከፈታችሁበትን ጊዜ ነው። እውነተኛ ማብቂያ ለሁሉም ሰው በአንድ ደቂቃ ያበቃል። ማብቂያው ካለፈ በኋላም በማግሥቱ ዋጋውን ተመልከቱ፤ ያው ከሆነ ማብቂያ አልነበረም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ዘዴም አለ። በበር ላይ በጣም ርካሽ ዋጋ ተጽፎ ስትገቡ «እሱ አሁን አለቀ፤ ግን ይኸኛው ይሻላል» ተብሎ ውዱ ይቀርባል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ «ከርካሹ ስንት መጥቶ ነበር? መቼ አለቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሃያ መጥቶ ሃያው ከተሸጠ ሽያጩ እውነት ነበር። አንድ ብቻ መጥቶ ከሆነ ግን ለመሸጥ ሳይሆን ለመጥሪያ የተቀመጠ ነው። ያን ጊዜ ወጥታችሁ እንደገና አስቡ፤ ከቤት የወጣችሁት ለውዱ አልነበረምና።

3. «በነፃ እናደርሳለን»

«ነፃ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ ይጎድለዋል፤ እስከ የት? ከስንት በላይ?

እስከ የት የሚለውን እንመልከት። በስልክ የታዘዘ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እስከ ቤት በር ሳይሆን በከተማ እስካለ መረከቢያ ቦታ ነው። መረከቢያው ሎድዋር ከሆነ ከዚያ እስከ ካኩማ ያለው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ የገዢው ዕዳ ነው። ስለዚህ የምናወዳድረው በማስታወቂያው ላይ ያለውን ዋጋ ሳይሆን ዕቃው ቤታችን ሲገባ የጨረሰውን ገንዘብ ነው። ይህን «የበር ዋጋ» ብለን እንጥራው።

ያንኑ መብራት ወስደን እንደምር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው።

በስልክ የታዘዘው፦ የመብራቱ ዋጋ 1,950። ማድረሻ እስከ ሎድዋር 0። ከሎድዋር እስከ ካኩማ በማታቱ ለመላክ 200። ከማታቱ ማቆሚያ እስከ ቤት በቦዳቦዳ 50። የበር ዋጋ 2,200 ሽልንግ።

በሰፈር ሱቅ ያለው፦ የመብራቱ ዋጋ 2,050። በእግር ተሂዶ ይመጣል። የበር ዋጋ 2,050 ሽልንግ።

«በነፃ» የመጣው መብራት በ150 ሽልንግ ይበልጣል። በዚህ ላይ መብራቱ ባይሠራስ? ለሰፈሩ ሱቅ በእጅ ይዞ መመለስ ይቻላል። ለሎድዋሩ ግን ሌላ 250 ሽልንግ ያስፈልጋል፤ ሻጩ የመመለሻውን ካልሸፈነ ያው ከኪሳችን ነው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የሚጠየቅ ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ «ዕቃው ቢበላሽ የመመለሻውን ማን ይከፍላል?»

ከስንት በላይ የሚለው ደግሞ እንዲህ ነው። ማስታወቂያው በትልቁ «ማድረሻ በነፃ» ይላል፤ ከሥሩ በትንሹ «ከ2,500 ሽልንግ በላይ ለሚገዙ» ተብሎ ተጽፏል። ማድረሻው 200 ሽልንግ ነው እንበል። 1,950 የሚያወጣ መብራት የሚፈልግ ሰው 200 ሽልንጉን ላለመክፈል የማይፈልገውን 600 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ ይጨምራል፤ ድምሩ 2,550 ይሆናል። ማድረሻውን ቢከፍል ኖሮ 2,150 ይበቃው ነበር። 200 ለማዳን 400 ተጨማሪ ወጣ ማለት ነው። ያ የተጨመረው ዕቃ ቀድሞውንም በቤት ዝርዝር ውስጥ የነበረ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ 200ው በእርግጥ ተረፈ።

4. ሱቅ ላላቸው ወላጆች

በመጠለያችን ውስጥ ከወላጆቻችሁ መካከል ሱቅ ያላቸው ብዙዎች ናቸው። ሰሞኑን ተማሪ ደብተር ይዞ ሲጠይቃቸው እንዳይቀየሙ፣ ይህ ክፍል ለእነሱ ተጽፏል። ማስታወቂያ ቀንና ቁጥር ካለው ማንም አይጠይቀውም።

«ነበር 3,000፣ አሁን 1,650» ከማለት፦ «ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር 27 በ1,800 ሸጠናል፤ እስከ ዲሴምበር 5 ድረስ 1,650» ብሎ መጻፍ።

«ጥቂት ቀርቷል» ከማለት፦ «ዛሬ ጧት 12 አሉን፤ ሌላ ጭነት ከገና በኋላ ይመጣል» ብሎ መጻፍ። ቁጥሩ በየጧቱ ይታረም።

«በነፃ እናደርሳለን» ከማለት፦ «በዚህ ሰፈር ውስጥ እስከ ቤት በር ያለ ክፍያ እናደርሳለን፤ ከዚህ ውጪ 50 ሽልንግ» ብሎ መጻፍ።

እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ረዘም ይላሉ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ቢጠይቅ የሚመለስ መልስ አላቸው። ባለሱቁ የድሮውን ዋጋ የጻፈበትን የራሱን ደብተር ቢያስቀምጥ ደግሞ አውጥቶ ማሳየት ይችላል።

5. ሕጉ ምን ይላል?

በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የሌለን የዋጋ ጥቅም «አለ» ብሎ መናገርን ከሐሰተኛ መግለጫዎች ውስጥ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የንግድ ውድድር ሕግም ስለ ዕቃ ዋጋ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ነገር መናገርን ይከለክላል። በዚህ ሕግ የተቋቋመው የኬንያ የውድድር ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ ሲሆን የሸማቾችን አቤቱታ ይቀበላል።

ለ150 ሽልንግ ናይሮቢ ድረስ አቤት የሚል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ከባለሱቁ ጋር መነጋገር፣ ካልሆነም የሰፈር ሽማግሌዎችን መያዝ ነው። ወደ የትም ቢኬድ ግን የሚጠየቀው ማስረጃ አንድ ዓይነት ነው፤ የማስታወቂያው ፎቶግራፍ ከነቀኑ፣ ደረሰኝ፣ በኤምፔሳ ከተከፈለ የክፍያው መልእክት፣ እንዲሁም የዋጋ ደብተሩ። የኤምፔሳው መልእክት ቀኑን፣ የገንዘቡን መጠንና የተቀባዩን ስም ስለሚይዝ ደረሰኝ ላልሰጠ ሱቅ ይጠቅማል። ስለዚህ ከስልካችሁ አታጥፉት።

መልመጃ

1. አንድ ተማሪ የትምህርት ቤት ጫማ ዋጋ እንዲህ ጻፈ፦ ኖቬምበር 8 — 900፤ ኖቬምበር 22 — 900፤ ዲሴምበር 6 — 1,100። ዲሴምበር 15 ቀን ሱቁ «ነበር 1,200፣ አሁን 960፣ 20 በመቶ ቅናሽ» ብሎ ለጠፈ። (ሀ) ማካፈሉ ትክክል ነው? (ለ) ባለፉት 30 ቀናት የተጻፈው ዝቅተኛ ዋጋ ስንት ነው? (ሐ) ዋጋው ከዚያ ቀነሰ ወይስ ጨመረ? በስንት?

2. አንዲት እናት ፍራሽ ይፈልጋሉ። አንደኛው ሱቅ 3,400 ሽልንግ «በነፃ እናደርሳለን» ይላል፤ ሲጠየቅ ግን የሚያደርሰው እስከ ካኩማ ከተማ ነው፤ ከዚያ እስከ ቤት በቦዳቦዳ 150 ሽልንግ ይጠየቃል። ሁለተኛው ሱቅ 3,600 ሽልንግ ብሎ እስከ ቤት በር በጋሪ ያመጣል። የሁለቱን የበር ዋጋ አስሉ። የትኛው ይረክሳል?

3. አንድ ሱቅ 40 ደርዘን ደብተር አለው፤ በየሁለት ሳምንቱም ሌላ ይመጣለታል። በሩ ላይ «ጥቂት ቀርቷል፣ ፍጠኑ!» የሚል ጽፏል። ማስታወቂያውን እውነት በሆነ አነጋገር እንደገና ጻፉት።

መልስ

1. (ሀ) ትክክል ነው፤ 240 ለ1,200 ሲካፈል 20 በመቶ ነው። (ለ) 30ዎቹ ቀናት ከኖቬምበር 15 እስከ ዲሴምበር 14 ናቸው፤ ዝቅተኛው የኖቬምበር 22 ዋጋ፣ ማለትም 900 ነው። የኖቬምበር 8 ዋጋ ከ30ዎቹ ቀናት ውጪ ስለሆነ አይቆጠርም። (ሐ) በ60 ሽልንግ ጨመረ፤ ይህም ወደ 7 በመቶ ይጠጋል።

2. የመጀመሪያው 3,550፣ ሁለተኛው 3,600 ነው። «በነፃ» ያለው ሱቅ ቃሉን ሙሉ በሙሉ ባይፈጽምም በ50 ሽልንግ ይረክሳል። ማስታወቂያ ጎደሎ ነው ማለት ዕቃው ውድ ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻ ይመረመራሉ። ፍራሹ የሚመለስ ቢሆን ግን ከከተማ የመመለሻው ወጪ ሒሳቡን ሊለውጠው ይችላል።

3. ለምሳሌ፦ «ዛሬ 40 ደርዘን ደብተር አለን፤ ሌላ ጭነት በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል።» እንዲህ ከተጻፈ «ፍጠኑ» የሚለው ቃል ቦታ አያገኝም።

የቤት ሥራ፦ በቤታችሁ ለትምህርት መክፈቻ የሚገዙ ሦስት ዕቃዎችን ከወላጆቻችሁ ጋር ምረጡ። በሚቀጥሉት አራት ቅዳሜዎች ዋጋቸውን ከቀኑ ጋር ጽፋችሁ ደብተሩን ለክፍል መምህራችሁ አሳዩ።